ኢንፔይንት የተደረገው ቦታ ለምን ያስታውቃል?

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ። አንድ የሳሎን ሬንደር ላይ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የአበባ ማስቀመጫ በኢንፔይንቲንግ አጠፋሁት። ከኋላው ያለው ግድግዳ በደንብ ተሞላ፤ ግን ቦታው ያስታውቃል። ትንሽ ፈካ ብሎ፣ ደግሞም ለስለስ ብሎ ይታያል። `Mask blur` ብጨምር ብጨምር ጭራሽ ዙሪያውን ሌላ ቀለበት መጣብኝ። ፕሮጀክት ፋይሉ የለኝም። እጄ ላይ ያለው 3000 በ2000 የሆነ ግሬይን ያለው PNG ብቻ ነው። ምን ላድርግ?

ምላሽ፦ ቀለበቱን ያመጣው ራሱ ብለሩ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እሱን ወደ ትንሽ ቁጥር መልሰው።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ማስኩ እንዲቀየር የመረጥከው ቦታ ነው፤ ጠርዙ ሲለሰልስ፣ ጠርዙ ላይ አሮጌውና አዲሱ ምስል ይደባለቃሉ። ብርሃንን በተመለከተ ይሄ ጥሩ ነው፤ አንዱ 180፣ ሌላው 186 ቢሆን መሃል ላይ 183 ታገኛለህ። ግሬይን ግን እንዲህ አይደባለቅም። ግሬይን ማለት አንዱ ፒክሰል ትንሽ ከፍ፣ ጎረቤቱ ትንሽ ዝቅ ማለቱ ነው። ሁለት የማይገናኙ ግሬይኖችን ስትደባልቅ አንዱ ከፍ ባለበት ሌላው ዝቅ ሊል ይችላል፤ እርስ በርስ ይጣፋሉ። እኩል ጥንካሬ ያላቸው ሁለት ግሬይኖች ግማሽ በግማሽ ሲደባለቁ የሚቀረው ከመጀመሪያው 71 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ባንተ ሁኔታ ደግሞ አዲሱ ቦታ ግሬይን የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በጠርዙ መሃል የሚቀርህ ግማሽ ነው። ብለሩን ባሰፋኸው ቁጥር ይሄ ግሬይን የሳሳበት ቀበቶ አብሮ ይሰፋል። ያየኸው ቀለበት እሱ ነው።

እንግዲህ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ብርሃን በመቶ ፒክሰሎች ስፋት ቀስ እያለ የሚለወጥ ነገር ነው፤ ሰፊ መሸጋገሪያ ይፈልጋል። ሻርፕነት የሁለት ሦስት ፒክሰል ጉዳይ ነው። ግሬይን የአንድ ሁለት ፒክሰል ጉዳይ ነው። ሦስቱን በአንድ የፌዘር፣ ማለትም የጠርዝ ማለስለሻ፣ ቁጥር ማስታረቅ አይቻልም። ፒተር በርትና ኤድዋርድ አዴልሰን በ1983 ፎቶዎችን ለማጋጠም ያቀረቡት ዘዴም የቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነበር፤ ምስሉን በዝርዝሩ ስፋት ከፋፍሎ እያንዳንዱን ክፍል ለራሱ በሚስማማ ስፋት ማደባለቅ። እኛም ያንኑ በቀላሉ እናደርገዋለን። መጀመሪያ ግሬይኑን እናነሳለን፤ ከዚያ ብርሃኑን፣ ከዚያ ሻርፕነቱን እናስተካክላለን። ግሬይኑን መጨረሻ ላይ እንመልሳለን።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አረጋግጥ። ከመሣሪያው የወጣው ምስል ከማስኩ ውጪም ተለውጦ ሊሆን ይችላል። ስቴብል ዲፊውዥንን የመሳሰሉ ሞዴሎች በቀጥታ ፒክሰል ላይ አይሠሩም። ምስሉን መጀመሪያ ወደ ላተንት ይጨምቁታል። በስቴብል ዲፊውዥን 1.5ም ሆነ በኤስዲኤክስኤል 8 በ8 የሆነ የፒክሰል ካሬ ወደ አንድ የላተንት ነጥብ ይገባል። ሲመለስ ትልልቁ ቅርጽ ይተርፋል፤ ደቃቁ ግሬይን ግን በአብዛኛው ይጠፋል ወይም ሌላ መልክ ይይዛል። ቀለሙም በትንሹ ሊንሸራተት ይችላል። ግድግዳህ ለስለስ ያለውና የፈካው ከዚህ ነው። አንዳንድ ፕሮግራሞች ከማስኩ ውጪ ዋናውን ምስል መልሰው ይለጥፋሉ፤ አንዳንድ አሠራሮች ደግሞ ሙሉውን የተጨመቀ ምስል ይሰጡሃል። ዋናውንና ውጤቱን ሁለት ሌየር አድርገህ የላይኛውን `Difference` ላይ አድርግና የሚታየውን ብርሃን ጨምርበት። ከማስኩ ውጪ ድፍን ጥቁር መሆን አለበት። ካልሆነ ሙሉውን ውጤት አትጠቀም። ከእሱ የምትወስደው ማስኩ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው።

ቀጥሎ ማስኩን እንየው። ብዙ ሰው ማስኩን የዕቃው ጠርዝ ላይ ያሳርፋል። አታድርገው። ማስቀመጫው ወደ 220 በ380 ፒክሰል ነው እንበል። ማስኩን በየአቅጣጫው 40 ፒክሰል አስፋው፤ 300 በ460 ይሆናል። የዕቃውን ጥላና በጠረጴዛው ላይ ያለውን ነጸብራቅም ጨምርበት። ጥላው ከማስኩ ውጪ ከቀረ ሞዴሉ ለጥላው ባለቤት ይፈልግለታል፤ ደብዛዛ ዕቃ ይሠራበታል። ካልሠራም ባለቤት የሌለው ጥላ ይቀርሃል፤ እሱን ደግሞ ምንም ማደባለቅ አያድነውም።

አሁን በዕቃውና በማስኩ ጠርዝ መሃል 40 ፒክሰል ስፋት ያለው ቀለበት አለህ። ይሄን ቀለበት እወደዋለሁ። ዋናው ምስል ላይ ግድግዳ ነው፤ አዲሱም ላይ ግድግዳ ነው። ሁለቱም አንድ ነገር ማሳየት ስላለባቸው፣ በመካከላቸው የምታየው ልዩነት በሙሉ የመሣሪያው ስህተት ነው። ዕቃው የነበረበት ቦታ ላይ ማወዳደሪያ የለህም፤ ቀለበቱ ላይ ግን አለህ። ከዚህ በኋላ በዓይን መገመት የለም፤ እዚያ እንለካለን።

መጀመሪያ ግሬይኑን ከሁለቱም ምስሎች እናንሳ። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ዲኖይዘር ተጠቀም፤ አለዚያ የዲኖይዘሮቹን ልዩነት የምስሎቹ ልዩነት አድርገህ ትለካለህ። በፓይተን እንዲህ ይሆናል፦

```python
import cv2, numpy as np
a = cv2.imread("render.png")
b = cv2.imread("inpaint.png")
a0 = cv2.fastNlMeansDenoisingColored(a, None, 4, 4, 7, 21)
b0 = cv2.fastNlMeansDenoisingColored(b, None, 4, 4, 7, 21)
a, a0, b0 = [x.astype(np.float32) for x in (a, a0, b0)]
g = a - a0
```

`g` የዋናው ምስል ግሬይን ነው። አስቀምጠው፤ በኋላ እንፈልገዋለን። 4 የሚለው ቁጥር መጠነኛ ለሆነ ግሬይን ነው። `g`ን ለብቻው አውጥተህ ስታየው የጠረጴዛው ቅርጽ ጎልቶ ከታየህ ዲኖይዘሩ አብዝቷል፤ ቀንሰው።

አሁን ብርሃኑ። ቀለበቱ ላይ ግራና ቀኙን ለየብቻ ለካ። ሳሎንህ ውስጥ መስኮቱ በግራ ነው እንበል። በግራ በኩል ዋናው ግድግዳ 182፣ አዲሱ 186 ነው። በቀኝ ዋናው 171፣ አዲሱ 172። ልብ በል፣ ልዩነቱ አንድ ዓይነት አይደለም፤ በግራ 4፣ በቀኝ 1 ነው። የብራይትነስ ስላይደር ይዘህ በአማካዩ 2.5 ብትቀንስ፣ ግራው አሁንም 1.5 ይፈካል፣ ቀኙ 1.5 ይጨልማል። ይሄ ትንሽ ይመስላል። ግን ምንም ነገር በሌለበት ግድግዳ ላይ ዓይን እንዲህ ያለውን ነገር አይምርም፤ በተለይ ምስሉ ትንሽ ሆኖ ሲታይ።

የሚያስፈልገው ቀለበቱ ላይ ያለውን ልዩነት ይዞ ወደ ውስጥ ቀስ እያለ የሚዘልቅ ማስተካከያ ነው፦

```python
r = ring[..., None]
num = cv2.GaussianBlur((a0 - b0) * r, (0, 0), 60)
den = cv2.GaussianBlur(ring, (0, 0), 60)[..., None]
b0 = b0 + num / np.maximum(den, 1e-4)
```

`ring` ቀለበቱ ላይ 1፣ ሌላው ቦታ 0 የሆነ የ`float32` ምስል ነው። 60 ደግሞ የብለሩ ስፋት ነው። ለ300 በ460 ማስክ ይበቃል፤ ማስኩ ከተለቀ እሱም መጨመር አለበት፣ አለዚያ ማስተካከያው መሃሉ ጋ ሳይደርስ ይቀራል። ስሌቱ ለሦስቱም የቀለም ቻናሎች ለየብቻ ስለሚሠራ የቀለም መንሸራተቱም አብሮ ይስተካከላል።

አንድ ወጥመድ አለ። የጠረጴዛው የኋላ ጠርዝ ቀለበቱን አቋርጦ ያልፋል። አዲሱ ምስል ላይ ጠርዙ በአንድ ፒክሰል እንኳ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ፣ እዚያ ቦታ ላይ ልዩነቱ 4 ሳይሆን 60 ሊሆን ይችላል። ያ ቁጥር ወደ ግድግዳው ይረጭና ጥላ የመሰለ ነገር ይሠራል። ስለዚህ ጠርዙ በሚያልፍበት ቦታ ቀለበቱን በጥቁር ብሩሽ ጥቂት ፒክሰል አጥፋው፤ የማስቀመጫው ጥላና ነጸብራቅ ያረፈበትንም እንዲሁ። በ2003 ፔሬዝ፣ ጋንኜና ብሌክ ያወጡት የፖይሰን ዘዴ፣ በኦፕንሲቪ `seamlessClone` የሚባለው፣ ተመሳሳይ ሥራ በአንድ ትእዛዝ ይሠራል። ለባዶ ግድግዳ ጥሩ ነው። ግን የማስኩን ድንበር ላይ ያሉትን ፒክሰሎች በሙሉ ስለሚያምን፣ ድንበሩ ጥላ ወይም የዕቃ ጠርዝ ሲያቋርጥ ቀለሙ ወደ ውስጥ ይፈሳል። እኔ ቀለበቱን እመርጣለሁ። የቱን ማመን እንዳለበት የምወስነው እኔ ነኝና።

ልዩነቱ ጥቂት ነጥብ ብቻ ሲሆን በመደመር ማስተካከል ይበቃል። ልዩነቱ 15 እና 20 ከሆነ ግን በዚህ መንገድ አትድከም። ሞዴሉ መብራቱን ራሱን አልተረዳውም ማለት ነው፤ እንደገና አስደርገው።

ሻርፕነቱን ከብርሃኑ በኋላ፣ ከግሬይኑ በፊት ተመልከት። ግሬይን ካለ ዓይን ብዥ ያለውን ነገር ጥርት ያለ ያስመስለዋል፤ ትታለላለህ። በ`Only masked` ስትሠራ ፕሮግራሙ ማስኩን ከነዙሪያው ቆርጦ ያሰፋዋል፣ በሰፊው ይሥላል፣ ከዚያ አሳንሶ ይመልሰዋል። ያንተን 300 በ460 ቁራጭ በ1024 ካሠራኸው ወደ ሁለት እጥፍ ገደማ ሰፍቶ ተሥሎ ነው የሚያንሰው። ያነሰ ምስል ደግሞ ከዙሪያው ይልቅ ሻርፕ ይሆናል። በተቃራኒው 1600 ፒክሰል የሆነ ቦታ በ1024 ካሠራህ፣ ተለጥጦ ስለሚመለስ ብዥ ይላል።

መለኪያችን ያው ከብርሃኑ ስሌት ያወጣነው የጠረጴዛ ጠርዝ ነው። ለዚህ ጠቃሚ ሆነ። ጠርዙን አሳድገህ እየው። ከጨለማው ወደ ብርሃኑ ሲሻገር ከለውጡ 10 በመቶ ላይ ጀምሮ 90 በመቶ እስኪደርስ ስንት ፒክሰል ይወስዳል? ዋናው ላይ 4፣ አዲሱ ላይ 2.5 ሆነ እንበል። እነዚህን በ2.56 ስታካፍል የጋውስ ብለር መጠን ታገኛለህ፤ 1.56 እና 0.98። አሁን መቀነስ ያለብህ ቁጥሮቹን ሳይሆን ካሬያቸውን ነው። 1.56 በራሱ ሲባዛ 2.43፣ 0.98 በራሱ ሲባዛ 0.96። ልዩነቱ 1.47፤ ካሬ ሥሩ 1.2 ገደማ። ስለዚህ አዲሱ ላይ 1.2 ፒክሰል የጋውስ ብለር ታደርጋለህ፤ ጨረስክ። ቀጥታ 1.56 ብለር ብታደርግ ኖሮ አብዝተህ ብዥ ታደርገው ነበር።

አዲሱ ብዥ ያለው እሱ ከሆነ ግን የሻርፕን ማጣሪያ አትንካው። ማጣሪያው የጠፋ ዝርዝር አይመልስም፤ በጠርዞች ዙሪያ ነጭ መስመር ነው የሚጨምርልህ። ቦታውን በትንንሽ ከፋፍለህ እንደገና አሠራው። ሬንደሩ የካሜራ ጥልቀት ብዥታ ካለው ደግሞ ጠረጴዛውና ግድግዳው የተለያየ ቁጥር ይፈልጋሉ። ለእያንዳንዱ በዚያው ርቀት ላይ ያለ ጠርዝ ፈልገህ ለየብቻ ለካ።

እዚህ ጋ አንድ ብዙ የሚመከር ነገር ላንሳ። መጋጠሚያው ላይ ሌላ ማስክ አድርገህ በ0.2 ወይም 0.3 `Denoising strength` እንደገና አሳልፈው ይባላል። ለዛፍ፣ ለጨርቅ፣ ለሣር ሊሠራ ይችላል። ለባዶ ግድግዳ ግን አልመክርም። ያ ሁለተኛው ማለፊያ ራሱ በላተንት በኩል ስለሚያልፍ ግሬይን የሌለበትን ቦታ ወደ ውጪ ያሰፋዋል። ችግሩ ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም።

አሁን ግሬይኑ። ሰው ሠራሽ ኖይዝ መጨመር የመጀመሪያው ሐሳብ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜም የሚያስታውቀው እሱ ነው። የ`Add noise` ማጣሪያ እያንዳንዱን ፒክሰል ለብቻው ይወረውራል። የሬንደር ግሬይን ግን ብዙ ጊዜ አንድ ፒክሰል ተኩል፣ ሁለት ፒክሰል የሚያክል ጠጠር አለው። ጥንካሬው ቢመሳሰል እንኳ የጠጠሩ መጠን ካልተመሳሰለ አዲሱ ቦታ እንደ ደቃቅ አሸዋ ይለያል። የብርሃንን ጉዞ ተከትሎ በሚያሰላው በፓዝ ትሬሲንግ የተሠራ ሬንደር ላይ ደግሞ ኖይዙ በየቦታው አንድ አይደለም፤ ብርሃን በቀጥታ በማይደርስበት ጥግ ይበረታል።

ስለዚህ ከራሱ ከምስሉ ውሰድ። `g` ውስጥ ከማስኩ አጠገብ፣ በብርሃን መጠን የሚመሳሰል ባዶ ግድግዳ ፈልግ። 300 በ460 የሚሆነውን ቆርጠህ፣ ስፋቱ ከ`g` ጋር እኩል በሆነና ሌላው ቦታው ሁሉ 0 በሆነ ምስል ውስጥ በማስኩ ቦታ ላይ አስቀምጠው፤ ይሄ `n` ይሁን። ስታስቀምጠው ግራና ቀኙን ገልብጠው። ካልገለበጥከው አንዳንድ ጎላ ያሉ ጠጠሮች አጠገብ ለአጠገብ ሁለቴ ይታያሉ፤ ዓይን ድግግሞሽን ለመያዝ ፈጣን ነው። ለጠረጴዛው ክፍል ከጠረጴዛው ውሰድ። የግድግዳ ግሬይን ጠቆር ባለ እንጨት ላይ ብታደርግ ጥንካሬው አይገጥምም።

ከዚያ ሁሉንም በአንድ መስመር አገናኝ፦

```python
m = mask[..., None]
out = a0*(1-m) + b0*m + g*np.sqrt(1-m) + n*np.sqrt(m)
cv2.imwrite("out.png", np.clip(np.rint(out), 0, 255).astype(np.uint8))
```

`mask` ከ0 እስከ 1 የሆነ፣ ጠርዙ 5 እና 6 ፒክሰል ብቻ የለሰለሰ ማስክ ነው። ከዚህ በላይ አያስፈልግም፤ ብርሃኑ ቀድሞ ገጥሟልና። ለስላሳው ጠርዝ በሙሉ ከቀለበቱ ሳያልፍ መቅረት አለበት፤ ወደ ውስጥ ገብቶ ዕቃው የነበረበትን ከነካ የማስቀመጫው ጠርዝ እንደ ጥላ ተመልሶ ይታይሃል። ካሬ ሥሩን ተመልከት። ንጹሑን ምስል በተለመደው መንገድ እናደባልቃለን፤ ግሬይኖቹን ግን በካሬ ሥር። ያኔ በጠርዙ መሃል ግማሽ ግማሽ ሳይሆን እያንዳንዱን 0.71 እንወስዳለን፤ ሁለቱ ሲደመሩ ጥንካሬው ልክ እንደ ዙሪያው ይሆናል። ቀለበትህ የሚጠፋው በዚህች መስመር ነው። ከማስኩ ውጪ ደግሞ `m` ዜሮ ስለሆነ `a0` ሲደመር `g`፣ ማለትም ዋናው ምስል ሳይነካ ይመለሳል።

በኮድ መሥራት ካልፈለግህ ፎቶሾፕ ወይም ጊምፕ ላይ በሌየር ይሆናል፤ ንጹሑ ከታች፣ ግሬይኑ ከላይ። የግሬይኑን ሌየር ማስክ ጠርዝ ግን ድርቅ አድርገህ ተወው፣ ፌዘር ሳታደርግ። ጥንካሬያቸውና ጠጠራቸው እኩል የሆኑ ግሬይኖች በድርቅ ጠርዝ ቢገጣጠሙ መጋጠሚያው አይታይም። የካሬ ሥሩን ውጤት ያህል ባይሆንም በቂ ነው። ግሬይኑ እስኪጨመር ድረስ በ16 ቢት ሥራ። ግሬይን የሌለው ለስላሳ የግድግዳ ብርሃን በ8 ቢት ላይ ደረጃ ደረጃ ሠርቶ ይሰነጣጠቃል። ግሬይኑ ከመጣ በኋላ ወደ 8 ቢት ብትመልሰው ደረጃዎቹን ራሱ ይሸፍናቸዋል።

ስትጨርስ በተለመደው እይታ ብቻ አትፍረድ፤ ሲያዩት የቆዩ ዓይኖች ለምደውታል። ላዩ ላይ ከርቭ ጨምርና ግድግዳው ያለበትን ከ160 እስከ 195 ያለውን ክልል ከጥቁር እስከ ነጭ ለጥጠው። ከዚያ እያንዳንዱን የቀለም ቻናል ለብቻው አብራ። ሰማያዊውን በተለይ እየው፤ ብዙ ጊዜ ቀለሙ ተንሸራቶ የሚገኘው እዚያ ነው። አሁንም ቦታው ከታየህ የታየበት ሁኔታ ጥፋተኛውን ይነግርሃል። ምስሉን ወደ 25 በመቶ ስታሳንሰው የሚታይ ነጠብጣብ የብርሃን ጉዳይ ነው፤ ወደ ቀለበቱ ተመለስ፣ የብለሩን ስፋት ለውጥ። 100 በመቶ ላይ ብቻ የሚታይ ለስላሳ ወይም ሻካራ ክልል የግሬይን ጉዳይ ነው። ግድግዳው ደህና ሆኖ የጠረጴዛው ጠርዝ ብቻ ማስኩ ውስጥ ሲገባ መልኩን ከቀየረ ሻርፕነቱን እንደገና ለካ።

ፍርድህን ደግሞ በመጨረሻው ፋይል ላይ ስጥ። ምስሉ በጄፔግ የሚሄድ ከሆነ ጭመቃው ደቃቁን ግሬይን ከሁለቱም ወገን ስለሚበላ አንዳንዱ ልዩነት ራሱ ይጠፋል። ጥራቱ በጣም ሲቀንስ ግን የብርሃን ልዩነት የ8 በ8 ካሬ ቅርጽ ይዞ ብቅ ሊል ይችላል። ስለዚህ በምትልክበት ጥራት አስቀምጠህ ከርቩን አንዴ እዚያ ላይም ሞክረው።